35 በመቶው ከ23 በመቶው ሲያንስ

የአዋጭነት ጥናት አገላብጣችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ መጨረሻው አካባቢ ደመቅ ተደርጎ የተጻፈ አንድ ቁጥር አይታችሁ ይሆናል። አይአርአር ይሉታል፤ በአማርኛ የውስጥ ተመላሽ ምጣኔ ነው። «የፕሮጀክቱ አይአርአር 31 በመቶ ነው» ይላል ሰነዱ። ባንኩም ሸሪኩም መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው። ከፍ ካለ ሁሉም ደስ ይለዋል።

ቁጥሩ ለአንድ ጥያቄ በደንብ ይመልሳል፦ ይህ ሥራ ገንዘቡ ከሚያስወጣኝ ወጪ በላይ ያስገባል ወይ? ጣጣው የሚመጣው ሌላ ጥያቄ ሲጠየቅ ነው። ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ተቀምጦ «የትኛው ይሻላል?» ሲባል፣ በተለይ አንዱ ትንሽ፣ ሌላው ትልቅ ከሆነ፣ አይአርአር ወደ ተሳሳተው ሊመራን ይችላል። እንዴት እንደሚያሳስት ለማየት አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድበት።

አንድ ግቢ፣ ሁለት ሐሳብ

እህትና ወንድም ናቸው እንበል። ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ፣ መንገድ ዳር፣ አንድ ግቢ ለአምስት ዓመት ተከራይተዋል። በእጃቸው 10 ሚሊዮን ብር አለ። ግቢው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው የሚበቃው።

ወንድምየው የመኪና እጥበትና ጎሚስታ ይከፈት ይላል። 1 ሚሊዮን ብር ይበቃዋል። ደሞዝ፣ ኪራይ፣ ውኃ፣ መብራትና ግብር ሁሉ ተከፍሎ በዓመት 450,000 ብር በእጅ ይቀራል።

እህትየው ዳቦ መጋገሪያ ትላለች። ማሽኑ፣ ጄኔሬተሩ፣ ማከፋፈያ መኪናው፣ የመጀመሪያው ዱቄት ተደምሮ ያለውን 10 ሚሊዮን በሙሉ ይበላል። በዓመት የሚቀረው ግን 3.6 ሚሊዮን ብር ነው።

ሁለቱም ሥራ አምስት ዓመት ይቆያል። ከዚያ ግቢው ይመለሳል። ነገሩ እንዳይወሳሰብ፣ ያረጁት ዕቃዎች በመጨረሻ የሚያወጡትን ዋጋ ትተነዋል።

አማካሪው አይአርአር አሰላላቸው። እጥበቱ 34.9 በመቶ፣ ዳቦ ቤቱ 23.4 በመቶ ወጣ። ወንድምየው ክርክሩ ያለቀ መሰለው። «እታለም፣ 35 በመቶ እያለ 23 በመቶ ምን ይሉታል?»

ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ከነሱ የተወሰደው መደምደሚያ ነው የሚያጠያይቀው።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። የዛሬ ዓመት የሚገባ 100 ብር እና ዛሬ በእጅ ያለ 100 ብር እኩል አይደሉም። ዛሬ ያለው ዛሬውኑ ሥራ ላይ ሊውል ይችላል። ስለዚህ ወደፊት የሚገባውን ብር ወደ ዛሬ ዋጋ ለማምጣት እናወርደዋለን። በስንት እናውርደው? ያንኑ ገንዘብ፣ ተቀራራቢ ስጋት ባለው ሌላ ቦታ ብናውለው በሚያስገኝልን መጠን ነው። ተበድረን የምንሠራ ከሆነ ደግሞ የብድሩ ወለድ ቢያንስ መነሻ ይሆነናል። ይህን «የገንዘቡ ዋጋ» እንበለው።

ለምሳሌያችን 18 በመቶ እንውሰድ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ አድርጎ ነበር። ለግል ሥራ ያለው ስጋት ሲታከልበት 18 የማይመስል ቁጥር አይደለም። እናንተ የራሳችሁን ተኩበት።

በ18 በመቶ፣ የዛሬ ዓመት የሚገባ 1 ብር ዛሬ 85 ሳንቲም ገደማ ያወጣል። የዛሬ ሁለት ዓመት የሚገባው 72 ሳንቲም፣ አምስተኛው ዓመት ላይ የሚገባው 44 ሳንቲም ገደማ ነው። በየዓመቱ 1 ብር ለአምስት ዓመት ቢገባ፣ ሲደመር የዛሬ ዋጋው 3.127 ብር ይሆናል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ደጋግመን እንጠቀምበታለን።

አሁን እጥበቱን እናስላ። 450,000 በ3.127 ሲባዛ 1,407,000 ብር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ዛሬ የሚወጣው 1 ሚሊዮን ሲቀነስ 407,000 ይተርፋል። ይህ ትርፍ ኤንፒቪ ይባላል፤ የተጣራ የዛሬ ዋጋ ማለት ነው። ሥራው የገንዘቡን ዋጋ ከፍሎ ሲያበቃ ባለቤቱን ዛሬ በስንት ብር እንዳበለጸገው ይነግረናል።

አይአርአር ነገሩን ከኋላ ይዞ ይመጣል። «ገንዘቡን በስንት በመቶ ባወርደው ነው ትርፉ ልክ ዜሮ የሚሆነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ቀጥተኛ ቀመር የለም፤ እየሞከሩ ነው የሚደረስበት። እጥበቱን በ30 በመቶ ብናወርደው 96,000 ብር ይተርፋል። በ40 በመቶ ብናወርደው 84,000 ብር ይጎድላል። በ35 በመቶ አንድ ሺህ ብር ገደማ ብቻ ይጎድላል። ስለዚህ መልሱ ከ35 ጥቂት ዝቅ ይላል፤ 34.9 በመቶ ነው። ኮምፒውተርም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው።

የ34.9 በመቶን ትርጉም ብዙ ሰው ያልፈዋል። 1 ሚሊዮኑ አምስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ 34.9 በመቶ ይወልዳል ማለት አይደለም። ሥራው ውስጥ የቀረው ገንዘብ ነው 34.9 የሚወልደው። በመጀመሪያው ዓመት 1 ሚሊዮኑ 349,000 ወለደ እንበል። 450,000 ግን ከሥራው ወጣ። ስለዚህ ሥራው ውስጥ የቀረው 899,000 ነው። በሁለተኛው ዓመት 34.9 በመቶ የሚታሰበው በዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወደ 763,000 ይወርዳል፤ እንዲህ እያለ በአምስተኛው ዓመት ያልቃል። የወጣው 450,000 ሌላ ቦታ ስንት እንደሚያስገኝ አይአርአር አያውቅም። ጨርሶ ሥራው ውስጥ ያልገባውንማ ጭራሽ አያውቅም። የእህትና የወንድሙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ዘጠኙ ሚሊዮን የት ሄደ?

የዳቦ ቤቱን ኤንፒቪ እናስላ። 3.6 ሚሊዮን በ3.127 ሲባዛ 11.258 ሚሊዮን ገደማ ነው። 10 ሚሊዮኑ ሲቀነስ 1.258 ሚሊዮን ብር ይተርፋል።

እንግዲህ እጥበቱ 407,000፣ ዳቦ ቤቱ 1,258,000 ብር። በአይአርአር የተበለጠው በብር ከሦስት እጥፍ በላይ በለጠ። ሰው ገበያ ወጥቶ ዳቦ የሚገዛው በብር ነው እንጂ በመቶኛ አይደለም።

በመቶኛ መጠን የለውም። 50 በመቶ የመቶ ብር 50 ብር ነው፤ 20 በመቶ የመቶ ሺህ ብር 20,000 ብር ነው። ይህንን ሁሉም ሰው ያውቃል። ግን በሰንጠረዥ ላይ ሁለት አይአርአር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከሥራቸው ያለው የብር መጠን ይደበቃል።

ወንድምየው ግን ዝም ብሎ አይረታም። «እኔኮ 1 ሚሊዮን ብቻ ነው ያወጣሁት። ዘጠኙ ሚሊዮን አለልኝ» ይላል። ትክክለኛ ነጥብ ነው። እንዲያውም የጉዳዩ እምብርት ይሄ ነው። ዘጠኙ ሚሊዮን ምን ይሠራል?

ቁጠባ ደብተር ውስጥ ይቀመጣል እንበል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎት ነበር፤ በዚያው እናስብለት። ዘጠኝ ሚሊዮኑ በዓመት 630,000 ብር ወለድ ያመጣል። ከእጥበቱ 450,000 ጋር ሲደመር በዓመት 1,080,000 ይሆናል። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ዘጠኝ ሚሊዮኑ ራሱ ይመለሳል። አሁን የወንድምየው ዕቅድም እንደ እህቱ 10 ሚሊዮን ብር ሆነ። የዚህን የ10 ሚሊዮን አይአርአር አስሉት። 9.1 በመቶ ገደማ ነው የሚወጣው።

ከ34.9 ወደ 9.1። ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ የተረሳው ዘጠኝ ሚሊዮን ብቻ ነው ወደ ሒሳቡ የገባው። ሁለቱን ዕቅዶች በእኩል ገንዘብ ስናስቀምጣቸው ፍርዱ 9.1 ከ23.4 ሆነ። አይአርአር ራሱ ዳቦ ቤቱን መረጠ ማለት ነው።

ዘጠኝ ሚሊዮኑ ከቁጠባ የተሻለ ቦታ አግኝቶ ልክ 18 በመቶ ቢያስገኝስ? ያኔ ዘጠኝ ሚሊዮኑ የገንዘቡን ዋጋ ብቻ ሸፈነ ማለት ነው። ኤንፒቪው ዜሮ ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የወንድምየው ጠቅላላ ትርፍ 407,000 ላይ ይቆያል። አሁንም ዳቦ ቤቱ ይበልጣል።

ጭማሪው ብቻውን ያዋጣል?

ይህን ክርክር በንጽሕና የሚፈታ አንድ ዘዴ አለ። ሁለቱን ሥራዎች ማወዳደር ትተን፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ለመሄድ የሚጨመረውን ገንዘብ እንደ ራሱ ፕሮጀክት እናየዋለን። ትልቁን ወስዶ ትንሹን በየዓመቱ መቀነስ ነው።

10 ሚሊዮን ሲቀነስ 1 ሚሊዮን፣ 9 ሚሊዮን ተጨማሪ ወጪ። 3.6 ሚሊዮን ሲቀነስ 450,000፣ በዓመት 3.15 ሚሊዮን ተጨማሪ ገቢ። ዛሬ 9 ሚሊዮን ተሰጥቶ ለአምስት ዓመት በየዓመቱ 3.15 ሚሊዮን የሚመለስበት ሥራ ስንት በመቶ ያስገኛል? 22.1 በመቶ። የገንዘቡ ዋጋ 18 ነው። ስለዚህ ጭማሪው ብቻውን ያዋጣል። ኤንፒቪውም 851,000 ብር ገደማ ነው። ይህ ቀደም ሲል ባገኘነው በሁለቱ ኤንፒቪ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ያደርሳሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ኢርቪንግ ፊሸር በ1930 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያቀረበው «ከወጪ በላይ የሚገኝ ተመላሽ» የሚባለው መለኪያ ሁለት አማራጮችን እርስ በርስ የሚያስተያይ ነበር፤ አንዱን ትቶ ሌላውን በመያዝ የሚገኘውን ነው የሚለካው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያሰላው አይአርአር ግን አንድን ሥራ ለብቻው ነጥሎ የሚያይ ነው። ኢኮኖሚስቱ አርመን አልቺያን በ1955 የሁለቱን ልዩነት ነጥሎ አሳይቷል። ነገሩ ግን አሁንም ይምታታል።

ያ 22.1 በመቶ ሌላም ነገር ይነግረናል። የገንዘቡ ዋጋ ከ22.1 በታች ከሆነ ዳቦ ቤቱ ያሸንፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ እጥበቱ። በ20 በመቶ ዳቦ ቤቱ 766,000፣ እጥበቱ 346,000 ብር ነው። በ22 በመቶ ሊተካከሉ ይደርሳሉ፦ 309,000 እና 289,000። በ23 በመቶ ግን ዳቦ ቤቱ ወደ 92,000 ይወርዳል፤ እጥበቱ 262,000 ላይ ይቆያል።

ትልቁ ሥራ ለምንድን ነው እንዲህ ቶሎ የሚወርደው? በመቶኛው አንድ ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ከ3.6 ሚሊዮን ላይ የሚሸረፈው ከ450,000 ላይ ከሚሸረፈው ስምንት እጥፍ ነው። ትልቅ ገንዘብ የሚያስር ሥራ የወለድ ለውጥ ያመዋል። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ የገንዘባችሁን ዋጋ ሳታውቁ መልስ የለውም። ወንድምየው በ35 እና በ23 ላይ ሲከራከር፣ ዋናውን ቁጥር ማለትም 18ን ጭራሽ አላነሳውም።

ወንድምየው እውነት ያለው የቱ ላይ ነው?

እስካሁን እህትየውን ደግፌ ስጽፍ ቆየሁ። ወንድምየው ግን ባዶ እጁን አይደለም።

የከፍተኛ አይአርአር ጥቅም ክፍተቱ ሰፊ መሆኑ ነው። የእጥበቱ ገቢ ወደ 320,000 ቢወርድ እንኳን 18 በመቶውን ይሸፍናል። ይህ 29 በመቶ ገደማ መውረድ ነው። ዳቦ ቤቱ ግን ከ3.6 ወደ 3.2 ሚሊዮን ቢወርድ ትርፉ አለቀ። ይህ 11 በመቶ ብቻ ነው። የዱቄት ዋጋ አንዴ ከፍ ቢል፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ሲጠጣ ቢከርም 11 በመቶ ሩቅ አይደለም።

ከዚያም ጠበብ የሚል አለ። እጥበቱ እንደታቀደው ሄዶ፣ ዳቦ ቤቱ ከእጥበቱ ጋር ለመተካከል ብቻ ስንት መውረድ አለበት? በዓመት 3.33 ሚሊዮን ሲደርስ ይተካከላሉ። ይህ 7.6 በመቶ መውረድ ነው። እህትየው ዕቅዷን ከዚህ በላይ አጋንና ከሆነ ተሳስታለች ማለት ነው።

ለኔ እህትና ወንድም ቁጭ ብለው መነጋገር ያለባቸው በዚህ ላይ ነው። በቀን ስንት ዳቦ ይሸጣል? ሱቆቹ በዱቤ ወስደው ስንት ቀን ያቆያሉ? ማሽኑ ቢበላሽ መለዋወጫው የት ይገኛል? የ7.6 በመቶ ስህተት ከነዚህ በአንዱ ሊመጣ ይችላል። ሥራዎቹ በስጋት በጣም የሚለያዩ ከመሰላችሁም፣ ለሁለቱም 18 በመቶ መጠቀም ልክ አይደለም። ስጋት ለበዛበት ከፍ ያለ መጠን ይወሰዳል።

ሁለተኛው የወንድምየው ነጥብ ዘጠኝ ሚሊዮኑን ይመለከታል። ሌላ ግቢ ካገኘና በዘጠኝ ሚሊዮኑ ዘጠኝ ተጨማሪ እጥበት ቤት መክፈት ከቻለ፣ አስሩ በድምሩ 4.07 ሚሊዮን ብር ኤንፒቪ ያመጣሉ። ዳቦ ቤቱ እዚያ አጠገብ አይደርስም። ያኔ ጉዳዩ ግቢ ላይ ሳይሆን ገንዘብ ላይ የተወሰነ ነው። ገንዘቡ ካጠረና ትንሹ ሥራ ሊደጋገም ከቻለ፣ ከእያንዳንዱ ብር የሚገኘው ትርፍ ላይ ማተኮር ያስኬዳል። ግን አንድ ጥያቄ አለ። ዘጠኝ እጥበት ቤት በእርግጥ አለ? መንገድ ዳር ያለ ቦታ፣ ውኃ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው፣ ደግሞ አሥር ጊዜ የሚታጠብ ያህል መኪና? ከፍተኛ በመቶኛ የሚያስገኙ ሥራዎች ብዙ ጊዜ ትንሽ የሆኑት የሚደጋገሙ ስላልሆኑ ነው። የመጀመሪያው እጥበት መንገዱን ያገኛል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ይሻማል።

በብድር የሚያምር በመቶኛ

አሁን እህትየው የተንኮል ካርድ ትምዘዝ። ዳቦ ቤቱን ሳትለውጥ፣ አንድ ዳቦ እንኳን ሳትጨምር፣ ከ10 ሚሊዮኑ 7 ሚሊዮኑን ከባንክ በ18 በመቶ ተበደረች እንበል። ከራሷ የምታወጣው 3 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። ብድሩ በአምስት እኩል ዓመታዊ ክፍያ ይመለሳል፤ በዓመት 2.238 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። ከ3.6 ሚሊዮን ላይ ሲቀነስ 1.362 ሚሊዮን በእጇ ይቀራል።

3 ሚሊዮን አውጥቶ በየዓመቱ 1.362 ሚሊዮን ለአምስት ዓመት ማግኘት ስንት አይአርአር ነው? 35.4 በመቶ። የወንድምየውን 34.9 በለጠ!

ኤንፒቪውስ? 1.362 ሚሊዮን በ3.127 ሲባዛ 4.258 ሚሊዮን፣ ከዚያ 3 ሚሊዮን ሲቀነስ 1.258 ሚሊዮን። ቀደም ሲል ካገኘነው አልተነቃነቀም። ብድሩ በትክክለኛ ዋጋው የተወሰደ ስለሆነ ለሥራው ሀብት አልጨመረለትም። የጨመረው በመቶኛው ብቻ ነው። የተለካው ገንዘብ ከአስር ወደ ሦስት ስለቀነሰ በመቶኛው አበጠ። ይህም ያው የመጠን ችግር ነው።

ስጋቱ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ሦስት ሚሊዮኗ ላይ ተከማቸ። ባንኩ ሽያጭ ወረደ ብሎ 2.238 ሚሊዮኑን አይተውላትም። ገቢው በ11 በመቶ ሲወርድ ወደ 400,000 ብር ይጎድላል፤ ያ ሙሉ በሙሉ ከሷ 1.362 ሚሊዮን ላይ ነው የሚነሳው። በእጇ ከሚገባው 29 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ የራሷ 3 ሚሊዮን ከ18 በላይ መጠየቅ ነበረበት።

ስለዚህ ሰነድ ላይ አይአርአር ስታዩ፣ የማን አይአርአር እንደሆነ ጠይቁ። የጠቅላላው ሥራ ነው ወይስ ባለቤቱ ከኪሱ ያወጣው ብቻ? አንዱ ፕሮጀክት በአንደኛው፣ ሌላው በሁለተኛው ተሰልቶ በአንድ ሰንጠረዥ ከተቀመጠ ማወዳደሪያው ከመጀመሪያውም ፈርሷል።

ተቃራኒው ተንኮልም አለ። በአይአርአር የሚመዘን ሥራ አስኪያጅ፣ 23 በመቶ የሚሰጠውን ትልቅ ሥራ ትቶ 35 የሚሰጠውን ትንሽ ይመርጣል፤ የሱ ቁጥር ያምራል፣ የድርጅቱ ትርፍ ይቀንሳል። ወይ ደግሞ ትልቁን ሥራ እየቆራረጠ ያሳንሰዋል። ሁለት መጋገሪያ የነበረውን አንድ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው 22 በመቶ ብቻ ስለሚያስገኝ አማካዩን ያወርድበታላ። 22 በመቶ ከ18 በላይ መሆኑን ማንም አይጠይቀውም።

ራሳችሁ ለማስላት

ኤክሴል ላይ ቀላል ነው። ዛሬ የሚወጣውን ገንዘብ በመቀነስ ምልክት የመጀመሪያው ሣጥን ውስጥ፣ የአምስቱን ዓመታት ገቢ ከሥሩ ጻፉ። የእጥበቱ ከ B2 እስከ B7፣ የዳቦ ቤቱ ከ C2 እስከ C7 ይሁን። D ዓምድ ላይ ትልቁን ሲቀነስ ትንሹን አድርጉ፤ D2 ላይ =C2-B2 ብላችሁ ወደ ታች ጎትቱ።

```
=IRR(B2:B7)
=IRR(C2:C7)
=IRR(D2:D7)
=B2+NPV(18%,B3:B7)
=C2+NPV(18%,C3:C7)
```

በዚህ መሠረት 34.9፣ 23.4 እና 22.1 በመቶ፣ ቀጥሎም 407,227 እና 1,257,816 ብር አካባቢ ታገኛላችሁ፤ በማጠጋጋት የጥቂት ብር ልዩነት ሊኖር ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። የኤክሴል NPV የሚሰጡትን የመጀመሪያ ቁጥር እንደ ዛሬ ሳይሆን እንደ የዛሬ ዓመት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ =NPV(18%,B2:B7) ብላችሁ የዛሬውን ወጪ አብራችሁ ከጨመራችሁበት፣ ሁሉም ነገር ተጨማሪ አንድ ዓመት ይወርዳል። የእጥበቱ 407,000 ወደ 345,000 ዝቅ ይላል። ከላይ እንዳለው B2ን ከቅንፉ ውጭ አድርጉት።

D ዓምድ ላይም አንድ ጥንቃቄ። መጀመሪያ ወጪ፣ ከዚያ በተከታታይ ገቢ ከሆነ ችግር የለም። የሁለቱ ልዩነት ግን በመካከል እንደገና ወደ መቀነስ ከተመለሰ፣ ለምሳሌ ዳቦ ቤቱ ሦስተኛው ዓመት ላይ ማሽን መቀየር ካለበት፣ ከአንድ በላይ አይአርአር ሊኖር ይችላል። ኤክሴል አንዱን መርጦ ያሳያችኋል፤ ሌላ እንዳለ አይነግራችሁም። እንዲህ ሲሆን በ10፣ በ15፣ በ20፣ በ25 በመቶ እያላችሁ የሁለቱን ኤንፒቪ ጎን ለጎን ጻፉና የትኛው የት ላይ እንደሚበልጥ በዓይናችሁ እዩ።